ከጨረታ ሰነዱ በላይ የምትቀመጠው አንዲት ገጽ

ሐምሌ 1 ቀን አዲሱ የበጀት ዓመት ሲገባ በየወረዳውና በየከተማ አስተዳደሩ ያሉ የግዥ ክፍሎች ፋታ ያጣሉ። ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ እስኪጠነክር ድረስ ጨረታ አውጥተው፣ አሸናፊ ለይተውና ውል ተፈራርመው መጠበቅ አለባቸው። የጋዜጦቹ ገጾች በግንባታ ጨረታ ማስታወቂያ የሚሞሉትም በዚህ ወቅት ነው። ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ የቢሮ ማስፋፊያ፣ የአጥር ሥራ። ከማስታወቂያው በስተጀርባ ደግሞ አንድ መሐንዲስ፣ አንድ ፎርማንና አንድ የቢሮ ጸሐፊ ይዘው የሚሠሩ ትንንሽ ሥራ ተቋራጮች አሉ። የጨረታ ሰነድ ይገዛሉ፣ ሥራው የሚሠራበትን ቦታ ያያሉ፣ የአሸዋና የጠጠር ዋጋ ያጠያይቃሉ፣ እያንዳንዱን የሥራ ዓይነት በነጠላ ዋጋ ያሰላሉ።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ሸኚ ደብዳቤው ይቀራል። ብዙ ድርጅቶች ውስጥ የሚጻፈው መጨረሻ ላይ ነው፤ አንዳንዴ ሳጥኑ ሊታሸግ ጥቂት ሰዓታት ሲቀሩት፣ ካለፈው ዓመት ደብዳቤ ላይ እየተገለበጠ። ኮሚቴው ፖስታውን ሲከፍት ግን መጀመሪያ እጁ ላይ የሚያርፈው እሱ ነው። በጥድፊያ የተጻፈው ወረቀት ወራት የተደከመበትን ስሌት ይዞ የሚወድቅበት ጊዜ ስላለ ገጹን ከራስጌው እስከ ማኅተሙ ማወቅ ይጠቅማል።

መጀመሪያ ሁለት የሚመሳሰሉ ወረቀቶችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው አሠሪው መሥሪያ ቤት በጨረታ ሰነዱ ውስጥ ያስቀመጠው የጨረታ ማቅረቢያ ቅጽ ነው። ቃሉ ተጽፎ ያለቀ ነው፤ ተጫራቹ ባዶ ቦታዎቹን ሞልቶ፣ ፈርሞና ማኅተም አድርጎ ይመልሰዋል። ሁለተኛው ድርጅቱ በራሱ አርማ በታተመ ወረቀት፣ በራሱ ቃል የሚጽፈው ሸኚ ደብዳቤ ነው። ቅጹ ግዴታ ነው፤ ሳይሞላ የቀረ ሰነድ ከውድድር ይወጣል። ደብዳቤውን ብዙ ጊዜ የሚጠይቅ የለም፤ ሥራ ተቋራጩ በቢሮ ልማድ ይጽፈዋል፤ ወረቀት ያለ ሸኚ ደብዳቤ ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት አይላክምና። ችግሩ የሚመጣው ሁለቱ ሲጣሉ ነው። ቅጹ «የጨረታውን ሁኔታዎች ያለ ምንም ተቃውሞ ተቀብለናል» ብሎ ደብዳቤው «ሆኖም» የሚል ቃል ካስከተለ ኮሚቴው ፊት ያለው አንድ ተጫራች ሁለት ቃል ተናግሯል ማለት ነው።

ደብዳቤው ለምን ይህን ያህል ይመዝናል? በሕግ ዓይን ተጫራቹ የሚያቀርበው ሰነድ ውል ለመዋዋል የቀረበ ሐሳብ ስለሆነ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1690 የጊዜ ገደብ ወስኖ ሐሳብ ያቀረበ ሰው ገደቡ እስኪያልቅ ድረስ በሐሳቡ እንደሚታሰር ይደነግጋል። የጨረታ ማስከበሪያው የሚያዘውም ለዚህ ነው፤ ሳጥኑ ከተዘጋ በኋላ «ሐሳቤን ለውጫለሁ» ያለ ተጫራች ያስያዘውን ገንዘብ ያጣል። በግንባታው ዓለም ብዙ የሚሠራበት የፊዲክ ቀይ መጽሐፍ የ1999 እትምም የውል ሰነዶችን በቅደም ተከተል ሲዘረዝር የጨረታ ማቅረቢያ ደብዳቤን ከውል ስምምነቱና ከአሸናፊነት ማሳወቂያ ደብዳቤው ቀጥሎ በሦስተኛ ደረጃ ያስቀምጠዋል፤ ከውል ሁኔታዎቹም፣ ከቴክኒክ ዝርዝሩም፣ ከንድፉም በላይ። በእርግጥ ይህን ደረጃ የሚያገኘው በቅጹ የቀረበው ደብዳቤ ነው። ነገር ግን ድርጅቱ በራሱ ቃል የጻፈው ሸኚ ከእሱ ጋር ተያይዞ፣ በአንድ ፊርማና በአንድ ማኅተም ሲገባ «ይህ ውጪ ነው» ብሎ መከራከር ይከብዳል።

አንድ ምሳሌ ወስደን ገጹን ከላይ ወደ ታች እንከተለው። እንበል አንድ የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ባለ 4 መማሪያ ክፍል ሕንጻ ለማሠራት ጨረታ አወጣ። ተጫራቾች ዋጋቸው ከመዝጊያው ቀን ጀምሮ ለ60 ቀናት ጸንቶ እንዲቆይ ይጠየቃሉ። መዝጊያው ነሐሴ 20 ቀን ከረፋዱ 4፡00 ሰዓት ነው፤ መክፈቻው በዚያው ዕለት 4፡30። አንድ ደረጃ 7 ጠቅላላ ሥራ ተቋራጭ ሰነዱን ገዝቶ ሠርቷል። ዋጋው ከተጨማሪ እሴት ታክስ በፊት 8,640,000 ብር ነው፤ 15 በመቶው ታክስ 1,296,000 ሲደመርበት 9,936,000 ብር ይሆናል። ደብዳቤው እንዲህ ይጀምራል፦

«ቁጥር … ቀን ነሐሴ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.
ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ግዥ ክፍል
ጉዳዩ፦ በጨረታ ቁጥር 04/2018 የወጣውን የ4 መማሪያ ክፍሎች ግንባታ በተመለከተ የመወዳደሪያ ሐሳብ ስለማቅረብ»

የጨረታ ቁጥሩ 2018 ማለቱ ስህተት አይደለም። ቀኑ ገና 2017 ቢሆንም በጀቱ የ2018 ነው፤ ሐምሌ 1 ተጀምሯል። ቁጥሩን «አርማለሁ» ብሎ 2017 ያደረገ ጸሐፊ ደብዳቤውን ከአምናው ጨረታ ጋር ያያይዘዋል። ቁጥሩና የሥራው ስም ከማስታወቂያው ላይ እንዳለ መገልበጥ አለባቸው። በአንድ ቀን ሦስት ጨረታ የሚከፍት መሥሪያ ቤት ሰነዶቹን የሚለየው በእነዚህ ነው።

ቀጥሎ የድርጅቱ ስም ይመጣል፤ እዚህ ላይ ትንንሽ ድርጅቶች ደጋግመው ይሰናከላሉ። በግለሰብ ስም የወጣ የንግድ ፈቃድ ያለው ሥራ ተቋራጭ በሥራ ዓለም የሚታወቀው በንግድ ስሙ ነው። ደብዳቤው በንግድ ስሙ ይጻፋል፣ ሲፒኦው ባንክ በባለቤቱ ስም ያሠራዋል፣ የብቃት ማረጋገጫው ደግሞ ሁለቱንም ይዞ ይመጣል። ኮሚቴው ሦስቱ የአንድ ሰው መሆናቸውን የመገመት ግዴታ የለበትም። ደብዳቤው በንግድ ፈቃዱ ላይ ያለውን ሙሉ ስም፣ ከዚያም የንግድ ስሙን፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩንም አንድ ላይ ቢያሰፍር ጥያቄው ሳይነሳ ይዘጋል። ፈራሚውም እንዲሁ ነው። ባለቤቱ ራሱ ካልፈረመ የተረጋገጠ ውክልና መያያዝ አለበት፤ «ስለ» ተብሎ በሌላ ሰው የተፈረመ ደብዳቤ ያለ ውክልና ማንንም አያስገድድም።

አሁን ወደ ዋናው አካል እንግባ። ጥሩ ሸኚ ደብዳቤ ከሦስት ወይም ከአራት አንቀጽ አይበልጥም። ድርጅቱ ሰነዱን አንብቦ እንደተቀበለ፣ መሥሪያ ቤቱ በመካከል የላከው ማሻሻያ ካለ በቁጥሩና በቀኑ ጠቅሶ እንደደረሰው፣ ጠቅላላ ዋጋውን በአኃዝና በፊደል፣ ዋጋው ጸንቶ የሚቆይበትን ጊዜ፣ የማስከበሪያውን ዓይነትና መጠን ይናገራል። በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጀ ማኅበር ከሆነና በሲፒኦ ፋንታ ካደራጀው አካል የዋስትና ደብዳቤ ካመጣ፣ በግልጽ ቢጽፈው ፖስታውን የሚከፍተው ሰው ሲፒኦ ፍለጋ አይባዝንም።

ጸንቶ ስለሚቆይበት ጊዜ የተጻፈው ዓረፍተ ነገር ቀላል ይመስላል። የምሳሌያችን ድርጅት «ዋጋችን ከዚህ ደብዳቤ ቀን ጀምሮ ለ60 ቀናት የጸና ነው» ብሎ ጻፈ። 60 ለተጠየቀ 60 መለሰ፤ ምን ጥፋት አለው? እንቁጠር። ጨረታው የሚጠይቀው ከነሐሴ 20 ጀምሮ ነው፦ ከነሐሴ 10 ቀን፣ የጳጉሜን 5፣ የመስከረም 30፣ የጥቅምት 15። ገደቡ ጥቅምት 15 ቀን 2018 ያበቃል። ደብዳቤው ግን የተጻፈው ነሐሴ 15 ስለሆነ የድርጅቱ ቃል ጥቅምት 10 ላይ ያልቃል። አምስት ቀን አነሰ። ከተጠየቀው ያጠረ የጸናነት ጊዜ በመደበኛ የጨረታ ሰነዶች ሰነዱን ውድቅ ከሚያስደርጉ ጉድለቶች አንዱ ነው፤ ዋጋው የቱንም ያህል ዝቅ ቢል አያድነውም። (ጳጉሜን ረስቶ ጥቅምት 20 ብሎ የጻፈ ሰው ጊዜውን ያረዝማል እንጂ አያሳጥርም፤ በጸናነቱ በኩል አይጎዳም።) መፍትሔው «ከጨረታው መዝጊያ ቀን ጀምሮ» የሚለውን የሰነዱን ቃል እንዳለ መውሰድ ነው።

በፊደል የሚጻፈው ዋጋ ሌላው ወጥመድ ነው። አኃዙና ፊደሉ ሲለያዩ በመደበኛው ደንብ የሚጸናው ፊደሉ ነው። ደብዳቤ ከአሮጌ ደብዳቤ ላይ ሲገለበጥ ጸሐፊው አኃዙን ያያል፣ ይለውጣል፤ በቅንፍ ውስጥ ያለው «ስድስት ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ» ግን ከአምናው ሥራ ሳይነካ ይቀራል። ዋጋው ከ9 ሚሊዮን ወደ 6 ሚሊዮን ወርዶ ይነበባል። ተጫራቹ በዚያ ዋጋ አልሠራም ካለ ማስከበሪያው አደጋ ላይ ነው። አሮጌው የመሥሪያ ቤት ስም በመጨረሻው አንቀጽ ውስጥ ቀርቶ የሚገኝባቸው ደብዳቤዎችም አሉ። ያ እንኳን ቢያሳፍር ነው እንጂ ገንዘብ አያስከፍልም።

ከሁሉ በላይ ሊቆዩበት የሚገባው ቅናሽ ነው። ሥራ ተቋራጮች የተፎካካሪን ዋጋ ስለሚፈሩ የዋጋ ሰንጠረዡን ከሞሉ በኋላ በመጨረሻው ሰዓት በደብዳቤው ላይ ቅናሽ ያስገባሉ። ነጠላ ዋጋዎቹን ሁሉ ከመቀየር አንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ይቀላልና ልማዱ የሚገባ ነው። የምሳሌያችን ድርጅት «ከጠቅላላ ዋጋችን ላይ ብር 300,000 ቅናሽ አድርገናል» ይላል እንበል። ከየትኛው ጠቅላላ ዋጋ? ከታክስ በፊት ካለው ከተቀነሰ 8,340,000 ይቀራል፤ 15 በመቶ ሲታከልበት 9,591,000 ብር ነው። ታክስ ከተጨመረበት ከተቀነሰ ግን 9,636,000 ብር ይሆናል። ልዩነቱ 45,000 ብር ነው። ሌላው ተጫራች 9,612,000 ብር አቅርቦ ከሆነ በመጀመሪያው አነባበብ ድርጅቱ ያሸንፋል፣ በሁለተኛው ይሸነፋል። ኮሚቴው «የቱን ማለታችሁ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ የደረጃ ቅደም ተከተል የሚለውጥ ማብራሪያ ይሆናል፤ ሰነድ ከተከፈተ በኋላ ዋጋ የሚለውጥ ማብራሪያ ደግሞ አይፈቀድም።

«3 በመቶ ቅናሽ» ብሎ ቢጽፍስ? ከታክስ በፊትም ይቀነስ ከታክስ በኋላ ውጤቱ አንድ ነው፤ በሁለቱም መንገድ 9,637,920 ብር ይመጣል። በመቶኛ የተገለጸ ቅናሽ ሌላም ጥቅም አለው። ሥራው ተጀምሮ ክፍያ በተሠራው መጠን ሲጠየቅ እያንዳንዱ ነጠላ ዋጋ በ3 በመቶ ተቀንሶ ይሰላል። በብር የተቀመጠውን 300,000 ግን በየትኛው የሥራ ዓይነት ላይ እንደሚያርፍ ማን ይወስናል? ከመሠረት ቁፋሮው ይቀነስ ወይስ ከጣሪያው? የክፍያ ሰርተፊኬት በቀረበ ቁጥር ክርክሩ ይነሳል።

ቅናሹ የሚቀመጥበት ቦታም ያው ዋጋ አለው። በመክፈቻው ሥነ ሥርዓት ተጫራቾች ወይም ሕጋዊ ወኪሎቻቸው በተገኙበት የእያንዳንዱ ስም፣ ጠቅላላ ዋጋ፣ ቅናሽና ማስከበሪያ ጮክ ተብሎ ይነበባል። በመደበኛ ሰነዶች ደንብ በመክፈቻው ያልተነበበ ቅናሽ በግምገማ አይታይም። በደብዳቤው ሁለተኛ ገጽ ላይ፣ በድርጅቱ ልምድ መግለጫ መሐል የተሸጎጠ ቅናሽ አንባቢው ሳያየው ሊያልፍ ይችላል። የድርጅቱ ተወካይ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ ሲነበብ ካልሰማ እዚያው፣ ቃለ ጉባኤው ሳይፈረም መናገር አለበት። ስለዚህ ቅናሹ በማቅረቢያ ቅጹ ላይ በተዘጋጀለት ቦታ ይሞላል፤ ሸኚው ደብዳቤም ያንኑ ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ ይደግማል።

የዋጋው ነገር ከተነሳ የብረትና የሲሚንቶ ጉዳይም አለ። ማንም ሥራ ተቋራጭ ዋጋ ሲያስገባ የሚያስጨንቀው ይህ ነው። ጭንቀቱም ደብዳቤው ውስጥ ይገባል፦ «የግንባታ ዕቃ ዋጋ ጭማሪ ካለ ዋጋችን የሚስተካከል ይሆናል።» የጻፈው ሰው ሐቁን እየተናገረ ነው። ሰነዱ ግን የጸና ዋጋ ከጠየቀ ይህች ዓረፍተ ነገር ቅድመ ሁኔታ ናት፤ አንዱ ተጫራች የዋጋ ንረቱን ራሱ ሊሸከም ቃል ሲገባ ሌላው ለአሠሪው እያሸከመ ነውና ሁለቱ ዋጋዎች አይወዳደሩም። ኮሚቴው ሰነዱን ውድቅ ሲያደርግ መብቱን ተጠቅሟል። «30 በመቶ ቅድመ ክፍያ ከተሰጠን በ120 ቀናት እናስረክባለን» የሚለውም ከዚሁ ወገን ነው። ሰነዱ ቅድመ ክፍያን በዋስትና የሚፈቅድ ከሆነ ድርጅቱ በውሉ መሠረት ይጠይቃል፤ «ከተሰጠን» የሚለው ቃል ግን የማስረከቢያውን ጊዜ በሁኔታ ላይ አንጠልጥሎታል።

እንዲህ ያለ ስጋት ያለው ሥራ ተቋራጭ ሁለት መንገድ አለው። ጨረታው ከመዘጋቱ በፊት፣ ሰነዱ በሚፈቅደው ጊዜ ውስጥ የማብራሪያ ጥያቄ በጽሑፍ ያቀርባል፤ መሥሪያ ቤቱ መልሱን ለሁሉም ሰነድ ገዢዎች ይልካል። መልሱ «አይስተካከልም» ከሆነ ስጋቱን አስልቶ ነጠላ ዋጋው ውስጥ ይጨምራል፣ ካልሆነም ጨረታውን ይተወዋል። ሸኚ ደብዳቤ የድርድር ቦታ አይደለም።

የፖስታው ነገርም አለ። ጨረታው በሁለት ፖስታ ከሆነ፣ ማለትም ቴክኒካሉ አስቀድሞ ተገምግሞ ያለፈው ብቻ ፋይናንሽያሉ የሚከፈት ከሆነ፣ አንዱ ሸኚ ደብዳቤ ለሁለቱም አያገለግልም። ጠቅላላ ዋጋውን የያዘ ደብዳቤ ቴክኒካል ፖስታ ውስጥ ከገባ ዋጋው ያለጊዜው ተገልጧል፤ ሰነዱ በዚያ ብቻ ይወድቃል። ለቴክኒካሉ ዋጋ የሌለበት፣ ለፋይናንሽያሉ ዋጋው ያለበት ሁለት ደብዳቤ ይጻፋል። ኦሪጅናልና ኮፒ በሚጠየቅበት ቦታም በኦሪጅናሉ ላይ በእጅ የተስተካከለ ቁጥር በኮፒው ላይ ሳይስተካከል እንዳይቀር፣ ስርዝ ድልዝ ያለበት ሁሉ ጎኑ ላይ እንዲፈረምበት መጠንቀቅ ያሻል።

ከፊርማው በታች ያለው «አባሪ» ብዙዎች የሚንቁት ክፍል ነው። የታደሰ ንግድ ፈቃድ 2 ገጽ፣ የብቃት ማረጋገጫ 1 ገጽ፣ የተጨማሪ እሴት ታክስ ምዝገባ 1 ገጽ፣ የግብር ክሊራንስ 1 ገጽ፣ የተሞላ የዋጋ ዝርዝር 14 ገጽ እያለ በገጽ ብዛት የተዘረዘረ አባሪ ለድርጅቱ ማስረጃው ነው። ፖስታው ተከፍቶ አንድ ወረቀት «አልተገኘም» ቢባል ተወካዩ እዚያው በዝርዝሩ ላይ ጣቱን ማሳረፍ ይችላል። ድርጅቱ ፖስታውን ሲያሽግ ራሱ በዚያው ዝርዝር ቢቆጣጠር ደግሞ ጉድለቱ ቀድሞ ይያዛል።

በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ግዥው ወደ ኤሌክትሮኒክ ሥርዓት በመዛወሩ ሰሙና ሳጥኑ ቀርተው ቅጹ ኮምፒውተር ላይ ይሞላል፤ ሸኚ ደብዳቤው እንደ ተጨማሪ ፋይል ተያይዞ ይጫናል። የዚያኔም ቅጹ አንድ ዋጋ፣ የተጫነው ደብዳቤ ሌላ ዋጋ ይዘው ከተገኙ ጥያቄው ያው ነው።

የዚህ ጽሑፍ ምክር ለሥራ ተቋራጮች ብቻ አይደለም። ሰነድ የሚያዘጋጁ የግዥ ክፍሎች በማቅረቢያ ቅጻቸው ላይ ከቅናሽ ቦታው አጠገብ «በመቶኛ፣ ከተጨማሪ እሴት ታክስ በፊት» የሚሉ ቃላት ቢያክሉ፣ ከጸናነቱ ጊዜ አጠገብም የሚያበቃበትን ቀን ራሳቸው አስልተው ቢያትሙ፣ ከላይ ከተነገሩት ስህተቶች ሁለቱ ከባዶች በአንድ መስመር ቀለም ይወገዳሉ። ሥራ ተቋራጮችም ደብዳቤውን ከማሸጋቸው በፊት ላልጻፈው ሰው ሰጥተው ከቅጹ ጎን ለጎን ቁጥር በቁጥር ያስነብቡት።